ሳንቲም ተራ አስከባሪ የለውም

(የሳንቲም ድምፅ፦ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል፣ ይሽከረከራል፣ ይቆማል)

አሁን የሰማችሁት የአንድ ብር ሳንቲም ድምፅ ነው። አንበሳው የተቀረጸበትን ፊት "አንበሳ" እንበለው፤ ሌላውን ፊት ደግሞ "ጀርባ"። ይህን ሳንቲም አራት ጊዜ አከታትዬ ወረወርሁት እንበል። አራቱንም ጊዜ አንበሳ ወጣ። አንበሳ፣ አንበሳ፣ አንበሳ፣ አንበሳ። አሁን አምስተኛውን ልወረውር እጄን አንሥቻለሁ። ምን ይወጣል ትላላችሁ?

ይህን ጥያቄ ለጓደኞቼም ለዘመዶቼም አቅርቤዋለሁ። ብዙዎቹ ጥቂት አሰብ ያደርጉና "አሁንማ ተራው የጀርባ ነው" ይሉኛል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው የሚሰጡኝ ምክንያት ደግሞ ተራ ግምት አይደለም፤ ትምህርት ቤት የተማሩትን ነው የሚያስታውሱኝ። "ሳንቲም ብዙ ጊዜ ሲወረወር ግማሹ አንበሳ፣ ግማሹ ጀርባ ይሆናል አይደል? እንግዲህ አንበሳ አራት ጊዜ ቀድሟል። ጀርባ ካልካሰ ግማሽ በግማሽ ከየት ይመጣል?" ይላሉ።

የዛሬው ዝግጅታችን ይህችን "ካልካሰ" የምትል ቃል የሚመረምር ነው። ሳንቲም ብዙ ጊዜ ሲወረወር የአንበሳው ድርሻ ወደ ግማሽ መጠጋቱ እውነት ነው፤ ስሙም የትላልቅ ቁጥሮች ሕግ ይባላል። ጀርባ የሚክስ መሆኑ ግን ሐሰት ነው፤ እሱም የቁማርተኛ ስህተት ይባላል። እውነቱና ሐሰቱ እንዲህ ተቃቅፈው ስለሚኖሩ ነው ብዙ አስተዋይ ሰው የሚሳሳተው።

መጀመሪያ "ተራ" የሚለውን ሐሳብ ከየት እንዳመጣነው እንይ። የታክሲ ተራ ላይ ስትቆሙ ተራ አስከባሪው ማን ቀድሞ እንደመጣ ያውቃል፤ የተጫነው መኪና ይወጣል፣ የሚቀጥለው ይጠጋል። ዕቁብ ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይጠነክራል። አሥራ ሁለት ሰው ያለበት ዕቁብ ውስጥ ስማችሁ በተጠቀለለ ወረቀት ተጽፎ ገብቷል። በመጀመሪያው ዙር ዕጣው የመድረስ ዕድላችሁ ከ12 አንድ ነው። ሳይደርሳችሁ ቀረ፤ የደረሰው ሰው ስም ወጣ። በሁለተኛው ዙር ከ11 አንድ ይሆናል፣ ከዚያ ከ10 አንድ። አሥር ዙር ሳይደርሳችሁ ካለፈ የቀራችሁት ሁለት ናችሁ፤ ዕድላችሁ እኩሌታ ነው። አሥራ አንድ ዙር ካለፈ ደግሞ ያለ ጥርጥር የእናንተ ነው። ስለዚህ በዕቁብ "እስካሁን አልደረሰኝም፤ አሁን ሊደርሰኝ ነው" ብሎ ማሰብ ስህተት አይደለም፤ ትክክለኛ ስሌት ነው።

ለምን ትክክል ሆነ? የወጣው ስም ወደ ዕጣው ስለማይመለስ ነው። ያለፈው ዙር በቀረው ላይ ለውጥ አምጥቷል፤ ወረቀቱ አንሷል። የሳንቲሙን ነገር ከዚህ ጋር አስተያዩት። አንበሳ አራት ጊዜ ሲወጣ ከሳንቲሙ ላይ የተቀነሰ አንበሳ አለ? የለም። ሳንቲሙ ያው ክብ ብረት ነው፤ ክብደቱም፣ ቅርጹም፣ ሁለቱ ፊቶቹም እንደነበሩ ናቸው። ያለፈውን የሚመዘግብበት ቦታ የለውም፤ ቀዳሚውን ከተከታዩ የሚለይለት ተራ አስከባሪም አልተመደበለትም። እኔ እንደማምነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው በዕቁብ የተማርነውን ትክክለኛ ስሌት ይዘን ሳንቲም ወዳለበት ስንሄድ ነው።

አንድ ጎረቤታችን አራት ሴቶች ልጆች ወልዳ አምስተኛዋን ስታረግዝ፣ ሰፈሩ ሁሉ "አሁንስ ወንድ ነው" ብሎ ነበር። ወንድ የመወለድ ዕድል በጥቂቱ ከግማሽ በለጥ ቢልም፣ አራቱ ሴቶች ያንን ዕድል ከፍ ሊያደርጉት አይችሉም። ማህፀንም ዕቁብ አይደለምና።

"እሺ፣ ግን አምስት ጊዜ አከታትሎ አንበሳ መውጣቱ እኮ ብርቅ ነው" የሚለኝ አድማጭ ይኖራል። ብርቅ ነው፤ ልክ ነህ። እንቁጠረው። አንድ ሳንቲም አምስት ጊዜ ቢወረወር ሊወጣ የሚችለው ቅደም ተከተል 32 ዓይነት ነው፤ ሁለት ሲባዛ በሁለት፣ እንዲህ አምስት ጊዜ። ሁሉም እኩል ዕድል አላቸው። አምስቱም አንበሳ የሚሆንበት ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ስለዚህ ዕድሉ ከ32 አንድ ነው። አሁን ግን ይህን ልብ በሉ፦ አራቱ አንበሳ ሆነው አምስተኛው ጀርባ የሚሆንበትስ ስንት ነው? እሱም አንድ ብቻ ነው፤ ዕድሉም ከ32 አንድ። ሁለቱም እኩል ብርቅ ናቸው። አራቱ አንበሶች አንዴ ከወጡ በኋላ ከ32ቱ ውስጥ 30ዎቹ ከጨዋታ ወጥተዋል። የቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው፤ በአንዱ አንበሳ፣ በሌላው ጀርባ። እኩል ለእኩል። ብርቅ የሆነው ነገር የተጠናቀቀው አራተኛው አንበሳ ሲወጣ ነው፤ አምስተኛው የሚወረወረው እንደ ማንኛውም ውርወራ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ የሚታይ ነው። በእውነተኛ ሳንቲም ተፈትኖ ያውቃል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ልነግራችሁ የምወደው ታሪክ አለኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

ጆን ኬሪች በጆሃንስበርግ፣ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ነበሩ። በ1940 እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር የባለቤታቸውን ቤተሰቦች ለመጠየቅ ዴንማርክ ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ፣ ሚያዝያ 9 ቀን፣ የናዚ ጀርመን ጦር ዴንማርክን ወረረ። ኬሪች የብሪታኒያ ዜጋ ስለነበሩ ከሌሎች የጠላት አገር ዜጎች ጋር ተይዘው ዩትላንድ በሚባለው የዴንማርክ ክፍል፣ ሃልድ በተባለ ስፍራ በግዞት ካምፕ ተቀመጡ። ጊዜ ግን ነበራቸው። ታዲያ ያን ጊዜ ምን አደረጉበት? አንድ ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወርውረው እያንዳንዱን ውጤት መዘገቡ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ ውጤቱን በመጽሐፍ አሳተሙት።

በእሳቸው ሳንቲም ላይ አንበሳ አልነበረም፤ ለጆሮ እንዲቀለን ግን እኛ አንበሳና ጀርባ እያልን እንቀጥል።

በመጀመሪያ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በኬሪች የመጀመሪያዎቹ 2,000 ውርወራዎች ውስጥ አንበሳ አራት ጊዜ ተከታትሎ የወጣበት 130 ቦታ ተገኝቷል። ማለትም ልክ እኔ ዛሬ እጄን አንሥቼ እንደቆምሁበት ያለ ሁኔታ 130 ጊዜ ደርሶባቸዋል። ጀርባ "ተራው" ቢሆን ኖሮ ከእነዚያ 130 ጊዜያት በብዙዎቹ ቀጥሎ ጀርባ መውጣት ነበረበት። የሆነው ግን ይህ ነው፦ 69 ጊዜ እንደገና አንበሳ፣ 61 ጊዜ ጀርባ። እንዲያውም አንበሳ በጥቂቱ በልጧል። ይህንን "አንበሳ ሞቅ ብሎት ነው" ብላችሁ በተቃራኒው እንዳትተረጉሙት። በ130 ውርወራ ውስጥ ከ65 በአራት ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ማንኛውም ሳንቲም የሚያደርገው ነገር ነው። የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳንቲሙ አራቱን አንበሶች አላስታወሳቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሳንቲሙ የማያስታውስ ከሆነ፣ የአንበሳው ድርሻ እንዴት ወደ ግማሽ ይጠጋል? ማንም ሳያስታውስ፣ ማንም ሳይክስ?

የኬሪችን መዝገብ ቀስ ብለን እንየው፤ እስክሪብቶ ያለው ሰው ቢጽፈው ደስ ይለኛል። ከመጀመሪያዎቹ 100 ውርወራዎች አንበሳ የወጣው 44 ጊዜ ነው። ከግማሹ፣ ከ50፣ በስድስት ያንሳል። 10,000ው ሲያልቅ ደግሞ አንበሳ የወጣው 5,067 ጊዜ ነው። ከግማሹ፣ ከ5,000፣ በ67 ይበልጣል። ሁለቱን አነጻጽሩ። ከግማሽ ያለው ርቀት ከስድስት ወደ 67 አደገ፤ ከአሥር እጥፍ በላይ ሰፋ። ተካክሶ ቢሆን ኖሮ ይህ ርቀት ወደ ዜሮ መጠጋት ነበረበት፤ እሱ ግን ጨመረ።

ድርሻውንስ? 44 ከመቶ ከነበረው ወደ 50.67 ከመቶ መጣ። ከግማሽ የነበረው ርቀት ስድስት ከመቶ ነበር፤ አሁን ከአንድ ከመቶም ያነሰ ሆነ። ስለዚህ በቁጥር ሲታይ ክፍተቱ ሰፋ፤ በድርሻ ሲታይ ጠበበ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መዝገብ ላይ። ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህ እንዲሆን እፈልጋለሁ። የትላልቅ ቁጥሮች ሕግ የሚናገረው ስለ ድርሻ ነው። አንበሳና ጀርባ በቁጥር ይተካከላሉ ብሎ በየትም ቦታ አልተናገረም።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ጨው የበዛበት ወጥ አስቡ። አንዲት ሴት ወጡ ላይ ጨው አብዝታበት ብታገኘው ጨዉን ለቅማ አታወጣውም፤ አይቻልምና። ውኃና ድንች ጨምራ ታበዛዋለች። ጨዉ ሁሉ እዚያው ድስት ውስጥ ነው፣ አንዲት ቅንጣት አልወጣችም፤ ግን ወጡ ስለበዛ አይሰማም። ሳንቲሙም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ 100 ውርወራዎች ጎደሎ ስድስት አንበሳ ነበር። ከዚያ የቀሩት 9,900 ውርወራዎች ምንም ካሳ ሳይከፍሉ ልክ ግማሽ በግማሽ ወጡ እንበል፤ 4,950 አንበሳ። ከ44ቱ ጋር ስንደምረው 4,994 ይሆናል። ከ10,000 ሲታይ 49.94 ከመቶ ነው። ጎደሎዋ ስድስት እንዳለች ናት፤ ማንም አልሞላትም። ከግማሽ ያለው ርቀት ግን የማይታይ ሆኗል። ካሳ የሚባል ነገር አላስፈለገም፤ የበዛው ወጥ በቂ ነው።

በእውነቱ ደግሞ የቀሩት ውርወራዎች ልክ ግማሽ በግማሽ አይወጡም፤ እነሱም የራሳቸውን ጨው ይዘው ይመጣሉ። ለዚህ ነው ክፍተቱ እየሰፋ የሚሄደው። የሚሰፋበት ፍጥነት ግን ዝግ ያለ ነው። የውርወራው ብዛት 100 እጥፍ ሲያድግ ክፍተቱ በተለምዶ አሥር እጥፍ ብቻ ያድጋል። በ100 ውርወራ ከግማሽ በአምስት ያህል መራቅ የተለመደ ነው፤ በ10,000 በ50 ያህል፤ በአንድ ሚሊዮን በ500 ያህል። አምስት ከ100 ሲታይ አምስት ከመቶ ነው፤ 500 ከአንድ ሚሊዮን ግን ከአንድ ከመቶ ሃያኛው ክፍል ብቻ። ክፍተቱ ያድጋል፣ ድስቱ ግን ከእሱ በጣም ፈጥኖ ያድጋል።

መዝገቡ መሐል ላይ የምትወጣ አንዲት ወጥመድ አለች፤ ልጠቁማችሁ። ኬሪች 700ኛው ላይ ሲደርሱ አንበሳ 368 ጊዜ ወጥቶ ከግማሽ በ18 በልጦ ነበር። 1,000ኛው ላይ ብልጫው ወደ ሁለት ወረደ፤ አንበሳ 502። ያን ጊዜ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው "አላልኋችሁም? ጀርባ ካሰ!" ማለት ይችል ነበር። ጨዋታው ግን አላለቀም። 4,000 ላይ ብልጫው 29 ደረሰ፣ 6,000 ላይ ወደ ዘጠኝ ወረደ፣ 8,000 ላይ 34 ሆነ፣ መጨረሻው 67። ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። መንገዱን እንደማያውቅ ሰው ይንከራተታል እንጂ ወደ ዜሮ የሚጠራው የለም። የወረደበትን ቦታ ብቻ ነጥሎ የሚያይ ሰው ካሳ ያያል፤ የወጣበትን ብቻ ነጥሎ የሚያይ ደግሞ "አንበሳ ዕድሉ ቀንቷል" ይላል። ድርሻውም ቢሆን ቀጥ ብሎ ወደ ግማሽ አልተጓዘም፤ 1,000 ላይ 50.2 የነበረው 10,000 ላይ 50.67 ሆኗል። ሕጉ በእያንዳንዱ እርምጃ ትቀርባለህ አይልም፤ እየበዛህ ስትሄድ ርቀህ የመገኘትህ ዕድል እያነሰ ይሄዳል ነው የሚለው።

ይህን ያረጋገጡት የባዝሉ የስዊዘርላንድ ሊቅ ያኮብ በርኑሊ ናቸው። ሃያ ዓመት ያህል አስበውበታል፤ መጽሐፋቸው የታተመው ካረፉ ከስምንት ዓመት በኋላ በ1713 ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሌላ አንድ የኬሪች ሙከራ አለ፤ ብዙ ሰው አይናገርለትም፤ ለእኔ ግን ከ10,000ው ያላነሰ ያስተምራል። ከእንጨት የተሠራች ክብ ገበታ ወስደው አንዱን ፊቷን በእርሳስ ማዕድን ሸፈኑት። እርሳስ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ፊቶች እኩል አይደሉም። 1,000 ጊዜ ወረወሯት። አንደኛው ፊት ከሦስት ጊዜ ሁለት ጊዜ ገደማ ወጣ፤ ድርሻውም እየረጋ የሄደው እዚያው ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ነው። ወደ ግማሽ አልተመለሰም። ሕጉ ግማሽን የሚወድ፣ እኩልነትን የሚፈልግ ኃይል አይደለም ማለት ነው። ድርሻው የሚጠጋው የዕቃው ቅርጽና ክብደት ወደ ወሰነው ቦታ ነው፤ ለደኅና ሳንቲም ግማሽ፣ ለዚያች ገበታ ሁለት ሦስተኛ።

ይህ ወደ አንድ ተግባራዊ ነገር ይወስደናል። ሳንቲም ሃያ ጊዜ ተከታትሎ አንበሳ ቢወጣ ምን ታስባላችሁ? የቁማርተኛው ስህተት "ጀርባ ሊመጣ ነው" ይላል። እኔ ግን ሳንቲሙን አንሥቼ አገላብጬ አየዋለሁ። ደኅና ሳንቲም ይህን የሚያደርገው ከአንድ ሚሊዮን ሙከራ አንድ ጊዜ ገደማ ነው፤ ሁለቱም ፊቱ አንበሳ የሆነ ወይም የተበላሸ ሳንቲም መሆኑ ከዚያ የተሻለ ግምት ነው። ስለዚህ ረጅም ተከታታይ ሲያጋጥም ጥርጣሬ ካደረ፣ ጥርጣሬው ወደ ዕቃው ይሂድ፤ የሚቀጥለውን ውርወራ ወደ ተቃራኒው የሚገፋ ግን ምንም ነገር የለም። የኬሪችንም ሳንቲም በዚሁ መንገድ መመዘን ይቻላል። በ10,000 ውርወራ ሃምሳ ያህል መራቅ የተለመደ ነው ብለናል፤ 67 ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ሳንቲሙ ደኅና ነው ማለት ይቻላል። ብልጫው 300 ሆኖ ቢሆን ኖሮ ግን ሳንቲሙን አላምነውም ነበር።

አራት ወይም አምስት ተከታታይ ግን ሳንቲም አያስጠረጥርም፤ ከምናስበው በላይ የተለመደ ነው። 100 ጊዜ ብትወረውሩ፣ በሆነ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ፊት ስድስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ተከታትሎ የመውጣቱ ዕድል ከአምስት አራት ገደማ ነው። ሰባት ጊዜ የመከታተሉ ዕድልም ከግማሽ በጥቂቱ ይበልጣል። መምህራን ይህን ተጠቅመው በክፍል ውስጥ የሚያደርጉት ነገር አለ። ግማሾቹን ተማሪዎች ሳንቲም 100 ጊዜ እንዲወረውሩና እንዲመዘግቡ፣ ግማሾቹን ደግሞ ሳይወረውሩ ከጭንቅላታቸው የወረወሩ አስመስለው እንዲጽፉ ያዛሉ። ከዚያ መምህሩ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ የትኛው የተፈጠረ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይለያል። ከጭንቅላቱ የሚጽፍ ልጅ ሦስት ወይም አራት አንበሳ ከደረደረ በኋላ እጁ እሺ አይለውም፤ ጀርባ ያስገባል። ስድስት ተከታታይ የሌለበት ወረቀት ሲያገኝ መምህሩ ይጠረጥራል። ልጁ ሳያውቀው ለሳንቲሙ ተራ አስከባሪ ሾሞለታል።

እቤት ውስጥ ልትሞክሩት ብትፈልጉ፣ ሥራው አስቸጋሪ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። አንድ ሰው ይወርውር፣ አንድ ሰው ይጻፍ። ሳንቲሙ በአየር ላይ በደንብ ይሽከርከር። አንበሳ ሲወጣ "አ"፣ ጀርባ ሲወጣ "ጀ" ብላችሁ በተከታታይ ጻፉ። ስትጨርሱ አንበሳ አራት ጊዜ የተከታተለበትን ቦታ ሁሉ ፈልጉና ቀጥሎ የመጣውን አክብቡ። አምስት ተከታትሎ ከሆነ ሁለት ቦታ ተቆጥሯል፤ ሁለቱንም ቁጠሩ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ በ100 ውርወራ የምታገኙት ስድስት ያህል ቦታ ብቻ ነው። ስድስት ቦታ ላይ አምስቱ ጀርባ ቢሆኑ "ተራው ነው ያሉት ልክ ናቸው" ለማለት አይበቃም፤ አምስቱ አንበሳ ቢሆኑም እንዲሁ። ጎረቤትና ዘመድ ተባብሮ እንደ ኬሪች 2,000 ካደረሳችሁት ከመቶ በላይ ቦታ ታገኛላችሁ፤ ለመመዘን የሚበቃው ያ ነው።

እጄ ላይ ያለውን ሳንቲም አሁን ልወርውረው። ከእሱ በፊት አራት አንበሳ ነበር ብለናል።

(የሳንቲም ድምፅ)

አንበሳ። ስድስተኛውን እናንተ ወርውሩት።